የፓተንት ሰነድን አሳጥሮ ስለ መጻፍ፦ በጤፍ ዱቄቱ ፓተንት የመብት አንቀጽና መግለጫ እንዴት ይለያሉ?

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ለሚሠሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የአመራር አባላት በሮብ ገበያ በተሰጠ ትምህርት ላይ አንድ የማኅበር ሰብሳቢ አዛውንት እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ «ልጄ፣ ጤፋችንን ሆላንዶች በስማቸው አስመዝግበውታል ይባላል። ማኅበራችን ወፍጮ ተክሎ ዱቄት ወደ ውጭ ቢሸጥ እንከሰሳለን ወይስ አንከሰስም?» ከጎናቸው የነበረው የልማት ሠራተኛ ስለ ጉዳዩ የተጻፈ ሁለት ገጽ አጭር ጽሑፍ ይዞ ነበር። ጽሑፉ ስለ ጤፍ ብረት ይዘት፣ ስለ እንጀራ አጋገርና ጤፍ ለስፖርተኞች ስለሚሰጠው ጥቅም በሰፊው ያትታል። ሰብሳቢው ለጠየቁት ጥያቄ ግን አንድም መስመር መልስ አልነበረውም።

ያን ሠራተኛ ለመውቀስ አልደፍርም። እኔም ይህንኑ ሰነድ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳጥሬ ስጽፍ ያደረግሁት እንደዚያው ነበር። ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቼ ወደ ታች አነበብሁ፤ ዋና ዋና ሐሳብ የመሰለኝን እየለቀምሁ ጻፍሁ፤ ወደ መጨረሻው ስደርስ ደከመኝና ቁጥር የተሰጣቸውን አንቀጾች በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍኋቸው። ለካስ ያለፍኋቸው አንቀጾች የሰነዱ ሕጋዊ ክፍል ናቸው።

ሰነዱ የአውሮፓ ፓተንት ቁጥር EP 1 646 287 B1 ሲሆን፣ ርእሱ የጤፍ ዱቄትን ስለ ማዘጋጀት የሚል ነው። ማመልከቻው ለአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት የገባው በሐምሌ ወር 1996 ዓ.ም. (ጁላይ 2004 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ፓተንቱ የተሰጠው ጥር 2 ቀን 1999 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 10 ቀን 2007 እ.ኤ.አ.) ነው። ባለመብቱ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ነበር።

የሰነዱ አቀማመጥ

የአውሮፓ ፓተንት ሰነድ የሽፋን ገጽ፣ መግለጫና የመብት አንቀጾች አሉት፤ ሥዕል ካለውም ሥዕሉ ይታከልበታል። በሽፋኑ ላይ የባለመብቱ ስም፣ ማመልከቻው የገባበት ቀንና የታጩት አገሮች ይገኛሉ። ከሽፋኑ ቀጥሎ መግለጫው ይመጣል። መግለጫው ፈልሳፊው ስለ ነገሩ የሚተርክበት ክፍል ነው፤ ከዚህ በፊት ምን ይታወቅ እንደ ነበር፣ ምን ችግር እንዳገኘ፣ ችግሩን እንዴት እንደ ፈታና በምን በምን ሊሠራበት እንደሚቻል ይገልጻል። በመጨረሻም ቁጥር የተሰጣቸው አንቀጾች ይከተላሉ፤ እነዚህም በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ይታተማሉ። አንባቢ ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ነገር ሲያይ አባሪ መስሎት ያልፈዋል፤ እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ነው።

በአውሮፓ የፓተንት ስምምነት አንቀጽ 69 መሠረት የጥበቃው ወሰን የሚወሰነው በመብት አንቀጾቹ ነው። መግለጫውና ሥዕሉ የሚያገለግሉት በአንቀጾቹ ውስጥ ያለውን ቃል ለመተርጐም ነው። መግለጫው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የተጠበቀ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ መግለጫውን ጨርሶ ወዲያ መጣልም እንዲሁ ስሕተት ነው። በእኛ አገር ልማድ ሲታይ መግለጫው የመሬት ክርክር ላይ ሽማግሌዎች ስለ ቦታው የሚናገሩትን ታሪክ ይመስላል። አንቀጹ ደግሞ ወሰን ላይ የተተከለው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ የት እንደ ተተከለ ግራ ሲያጋባ የሽማግሌዎቹ ቃል ይሰማል፤ የሽማግሌ ቃል ብቻውን ግን ወሰን አይሆንም።

በጤፍ ፓተንቱ መግለጫ ውስጥ ስለ ጤፍ ተክል፣ በኢትዮጵያ ስላለው አገልግሎት፣ ስለ እንጀራ፣ ስለ ንጥረ ምግቡና ግሉተን የሌለው ስለ መሆኑ ይነገራል። ይህ ሁሉ እኛ ከጥንት ጀምሮ የምናውቀው ነው። ጋዜጦች «እንጀራ ተወሰደ» ብለው የጻፉት ከርእሱና ከዚህ ክፍል ተነሥተው ይመስለኛል። ፈልሳፊው ስለ እንጀራ መናገሩ ብቻ ግን በእንጀራ ላይ መብት አይሰጠውም። እንዲያውም አንድ ነገር ቀድሞ የታወቀ መሆኑ በመግለጫው መጻፉ፣ ነገሩ አዲስ አለመሆኑን በራሱ አፍ እንደ መመስከር ይቈጠራል።

የመጀመሪያው አንቀጽ ምን ይላል?

ፍሬ ነገሩ ያለው በአንቀጽ 1 ነው። በአማርኛ ሲቀርብ እንዲህ ማለት ነው፦ ኤራግሮስቲስ ከተባለው የዕፅዋት ወገን፣ በተለይ ቢሆን ከጤፍ የተገኘ እህል ዱቄት ሆኖ፣ እህሉ በሚፈጭበት ጊዜ ያለው ፎሊንግ ነምበር ቢያንስ 250፣ የተሻለ ቢሆን ቢያንስ 300፣ ከዚያም የተሻለ ቢሆን 340፣ ከሁሉ የተሻለ ቢሆን 380 የሆነ።

ይህን አንቀጽ ለመረዳት ፎሊንግ ነምበር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በስንዴ ንግድና በዱቄት ፋብሪካ ዘንድ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቀ መለኪያ ነው። 7 ግራም ያህል ዱቄት (እንደ እርጥበቱ መጠን ተስተካክሎ) ከ25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ጋር በመስታወት ቱቦ ውስጥ ይበጠበጣል። ቱቦው በሚፈላ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ስድሳ ሰከንድ እስኪሞላ ድረስ ይማሰላል። ከዚያም ማማሰያው ከላይ ይለቀቅና በራሱ ክብደት በገንፎው ውስጥ ወደ ታች ይሰምጣል። ቱቦው ከተነከረበት ጊዜ ጀምሮ ማማሰያው የተወሰነው ቦታ እስኪደርስ ድረስ ያለፈው ሰከንድ ፎሊንግ ነምበር ይባላል። ገንፎው ወፍራም ከሆነ ማማሰያው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ቁጥሩም ይጨምራል። ገንፎው ቀጥኖ ውኃ ውኃ ካለ ቶሎ ይወድቃል፤ ቁጥሩም ያንሳል።

ገንፎውን የሚያቀጥነው አልፋ አሚሌስ የተባለ ኢንዛይም ነው። እህል ሲበቅል ይህ ኢንዛይም በብዛት ይፈጠርና ስታርቹን ይቈራርጠዋል። እኛ ብቅል የምናበቅለው ይህንኑ ፈልገን ነው። ገበሬው ግን ሳይፈልገው በአጨዳ ጊዜ ዝናብ ሲመጣ፣ ነዶው በማሳ ላይ ወይም ክምሩ ውስጥ ርሶ እህሉ ሲያጐነቍል ይኸው ነገር ይደርሳል። እንግዲህ ከፍተኛ ቁጥር ማለት በሚገባ የደረሰ፣ የደረቀና ያልበቀለ እህል ማለት ነው። መግለጫው እህሉን ከአጨዳ በኋላ ሳይፈጩ ማቆየት ቁጥሩን እንደሚያሻሽልና ከዱቄቱ የሚሠራው ምግብ የተረጋጋ እንደሚሆን ያስረዳል። ጤፉን አጭዶ፣ ከምሮ፣ ወቅቶ፣ በጎተራ አስቀምጦ ከወራት በኋላ ለሚያስፈጨው ለምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

አንቀጹን ስናነብ የሚከተሉትን ነጥቦች እንድታስተውሉ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ «በተለይ ቢሆን» ወይም «የተሻለ ቢሆን» የሚለው ሐረግ ወሰን አያጠብም። በመሆኑም 300፣ 340 እና 380 የሚሉት ቁጥሮች በአንቀጽ 1 ውስጥ ቢጻፉም ድንበር አይደሉም፤ ድንበሩ 250 ብቻ ነው። እንደዚሁም «በተለይ ከጤፍ» ስለሚል አንቀጹ በጤፍ ብቻ አይወሰንም፤ ከዚሁ ወገን የሆኑትን ሌሎች ዝርያዎች ጭምር ይይዛል። ብዙ አሳጣሪዎች ከቁጥሮቹ ሁሉ ትልቁን መርጠው «ከ380 በላይ የሆነ ጤፍ ተጠብቋል» ሲሉ ይጽፋሉ። ይህ የመብቱን ወሰን ከእውነተኛው አጥብቦ ስለሚያሳይ አንባቢውን ያለ ስጋት ወደ ክስ ሊመራው ይችላል።

ሁለተኛ፣ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ዱቄት ነው። ዘር አላለም፤ የጤፍ ዝርያ አላለም፤ ያልተፈጨ እህልም አላለም። አንድን ነገር በአንቀጹ ሥር ለማስገባት በአንቀጹ የተጠቀሱት ነገሮች ሁሉ ባንድነት መገኘት አለባቸው። ከመካከላቸው አንዱ ከጐደለ አንቀጹ አይነካውም።

ሦስተኛ፣ ቀጥለው የሚመጡት አንቀጾች ወደ ቀድሞዎቹ ይመልሳሉ። ከዚህ ዱቄት ስለ ተሠራ ሊጥና የምግብ ምርት የሚናገሩ አሉባቸው። ስለዚህ «እንጀራ በፍጹም አይነካም» ማለትም ልክ አይደለም። ከተጠቀሰው ዓይነት ዱቄት የተጋገረ ምግብ፣ ፓተንቱ በሚጸናበት አገር ውስጥ ለንግድ ቢሠራ ኖሮ፣ ስሙ እንጀራ መሆኑ ብቻ ነጻ አያወጣውም ነበር። እንጀራ የተጠቀሰው በመግለጫው ነው፤ እንጀራን ሊይዝ የሚችለው ግን ስለ ምግብ ምርት የሚናገረው አንቀጽ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

በሦስት ጆንያ የቀረበ ምሳሌ

ነገሩ እንዲጨበጥ ፓተንቱ ይጸና በነበረበት ጊዜ፣ ለምሳሌ በ2002 ዓ.ም.፣ በሮብ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ማኅበር ለሆላንድ ዳቦ ጋጋሪ ሦስት ጆንያ ለመላክ አሰበ እንበል። ቁጥሮቹ ለትምህርት የተሰጡ ግምቶች ናቸው፤ በወቅቱ የነበረው የወጪ ንግድ ደንብም ለጊዜው ይቆየን።

በመጀመሪያው ጆንያ ያለው ጤፍ በኅዳር ዝናብ ተመትቶ በክምሩ ያጐነቈለ ነበር፤ ሲፈጭ ቁጥሩ 180 ሆነ። ይህ ዱቄት የጤፍ ዱቄት ቢሆንም 250 ስላልደረሰ ከአንቀጽ 1 ውጭ ነው። ሁለተኛው በፀሐይ የደረቀ፣ በጎተራ ሦስት ወር ቆይቶ የተፈጨ ሲሆን ቁጥሩ 310 ነው። ይህ በአንቀጹ ውስጥ ይወድቃል። አሳጣሪው «የተሻለ ቢሆን 340» የሚለውን ይዞ 310ን ነጻ አድርጎት ቢሆን ኖሮ ማኅበሩን በከባድ ያሳስተው ነበር። ሦስተኛው ጆንያ እንደ ሁለተኛው ያለ ምርጥ ጤፍ ሲሆን፣ ያልተፈጨ ነው። እህሉን መሸጥ በአንቀጽ 1 የተያዘ አይደለም፤ ነገር ግን ገዢው ሆላንድ ውስጥ ቢፈጨው ዱቄቱ በአንቀጹ ሥር ይገባል። ስለዚህ ገዢው ይህን አውቆ ዋጋ ይቀንሳል ወይም ጨርሶ አይገዛም። ለማኅበሩ ገበያ ከክስ የማይተናነስ ጉዳይ ስለሆነ፣ በማጠቃለያው ሊጻፍ ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በዝናብ የተበላሸው ጤፍ ነጻ ሲሆን፣ ገበሬው ተጠንቅቆ ያቆየው ጤፍ ግን በመብቱ ውስጥ ወደቀ። ስለዚህ «አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የሚያሳስብ ነገር የለም» የሚለው አስተያየት ከ«ጤፍን ወሰዱት» ባልተናነሰ የተሳሳተ ነው። አንቀጹ ዘርና ተክልን አይዝም፤ ከዱቄት ግን መልካም የሆነውን አብዛኛውን ክፍል ይይዝ ነበር።

ሌላም ችግር አለው። ቁጥሩ የሚቈጠረው «እህሉ በሚፈጭበት ጊዜ» ስለሆነ፣ በመደብር ያለውን ዱቄት የሚገዛ ሰው ያን ጊዜ ሊያየው አይችልም። ዱቄቱን ለክቶ ወደ ኋላ መገመት ብቻ ነው የሚቻለው። እንዲህ ያለ ለማረጋገጥ አስቸጋሪ የሆነ ሁኔታ በአንቀጽ ውስጥ ስታገኙ በማጠቃለያችሁ ላይ ምልክት አድርጉበት።

የት አገር? እስከ መቼ?

ፓተንት የሚጸናው በተሰጠበት አገር ብቻ ነው። የአውሮፓው መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ፓተንት ከተሰጠ በኋላ እንደ የአገሩ ብሔራዊ ፓተንት ተከፋፍሎ ይኖራል። በሮብ ገበያ ጤፍ የሚያስፈጭ፣ የሚሸጥ ወይም እንጀራ የሚጋግር ሰው በዚህ ሰነድ አንድም ቀን ተገዶ አያውቅም። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የዕፅዋትና የእንስሳት ዝርያዎችን ከፓተንት ውጭ ያደርጋል። ለሰብሳቢው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ እንግዲህ «ዱቄቱን የምትሸጡት በየት አገር ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር።

የሆላንዱ ክፍል እጣ በሄግ ፍርድ ቤት ተወስኗል። ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. (2009 እ.ኤ.አ.) ከስሮ ነበር፤ ፓተንቱ አንሸንትግሬይን ወደተባለ ሌላ የሆላንድ ኩባንያ ተላለፈ። ይህ ኩባንያ ቤከልስ የተባለውን የዳቦ መጋገሪያ ግብዓት አቅራቢ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. (ኖቬምበር 21 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.) የፓተንቱን የሆላንድ ክፍል የፈጠራ ብልኀት የለውም በማለት ዋጋ ቢስ አደረገው። የፈረሰው አንቀጾቹ ናቸው፤ ስለ ጤፍ በመግለጫው የተነገረው ታሪክ ግን እንደ ተጻፈ አለ። ፍርዱም በሆላንድ ብቻ የሚጸና ነበር። የቀረው ነገር በጊዜው አለቀ፤ የአውሮፓ ፓተንት ዕድሜ ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንሥቶ 20 ዓመት ስለሆነ፣ ይህ ፓተንት በየትም ቢሆን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ሊጸና አይችልም። በዛሬው ቀን ማንም ማኅበር ስለዚህ ሰነድ የሚፈራው የለም።

ብዙዎች ከፓተንቱ ጋር የሚያምታቱት ሌላ ሰነድም አለ። በ1997 ዓ.ም. (2005 እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት ከዚሁ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምና ጥቅም መጋራት ውል ተዋውለው ነበር። ውሉ የሚናገረው ስለ ጄኔቲክ ሀብቱ ነው፤ የፓተንቱ አንቀጽ ደግሞ ስለ ዱቄቱ። የፓተንቱ ማመልከቻ የገባውም ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው። ሁለቱን በአንድ ማጠቃለያ ውስጥ መቀላቀል በውሉ የተከለከለውን በፓተንቱ እንደ ተከለከለ፣ በፓተንቱ የተያዘውንም በውሉ እንደ ተሰጠ ያስመስላል። ለየብቻ ይጻፉ።

ማጠቃለያው እንዴት ይጻፍ?

ከላይ ያለውን ሰነድ በምታሳጥሩበት ጊዜ የመጨረሻውን ገጽ ቀድማችሁ ክፈቱ። አንቀጽ 1ን ቃል በቃል በአማርኛ አስፍሩ፤ «የተሻለ ቢሆን» የሚሉትን ሐረጎች በእርሳስ ሰርዛችሁ የቀረውን አንብቡ። ከዚያ በኋላ ወደ መግለጫው ተመለሱ። በአንቀጹ ውስጥ ያልገባችሁን ቃል ብቻ፣ በዚህ ምሳሌ ፎሊንግ ነምበርን፣ ከመግለጫው ፈልጉ። እኔ አሁን የምጽፈው ማጠቃለያ ይህን ይመስላል፦

«የተጠበቀው፦ የጤፍና የወገኖቹ ዱቄት፣ እህሉ ሲፈጭ ፎሊንግ ነምበሩ 250 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፤ ከዚህ ዱቄት የተሠራ ሊጥና ምግብም ጭምር። ያልተጠበቀው፦ ዘር፣ ዝርያ፣ ያልተፈጨ እህል፣ ከ250 በታች የሆነ ዱቄት። በመግለጫው ብቻ የተነገረው፦ የጤፍ ታሪክ፣ የኢትዮጵያ አጠቃቀም፣ የንጥረ ምግብ ጥቅሙ። የጸናበት፦ በአውሮፓ በተሰጠባቸው አገሮች፤ በኢትዮጵያ አይደለም። ሁኔታው፦ በሆላንድ በ2011 ዓ.ም. ፈረሰ፤ በሌሎቹም ጊዜው አልፏል።»

ከአምስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። የልማት ሠራተኛው በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቆሞ ሊያነበው ይችላል። ስለ ብረት ይዘቱ መናገር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይጻፍ።

በመጨረሻም ስለ ፊደሎቹ እናሳስባለን። ከቁጥሩ ቀጥሎ A ያለበት ሰነድ ገና የታተመ ማመልከቻ ነው፤ በውስጡ ያሉት አንቀጾች አመልካቹ የጠየቃቸው እንጂ የተሰጡት አይደሉም፤ በምርመራ ጊዜም ብዙውን ጊዜ ይጠባሉ። B ያለበት ደግሞ የተሰጠው ፓተንት ነው። ሁለቱንም ዓይነት የአውሮፓ ፓተንት መሥሪያ ቤት በኮምፒዩተር በሚሰጠው Espacenet በተባለው መዝገብ ቁጥሩን በማስገባት ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል። የያዛችሁት ቅጂ A ከሆነ B እስኪገኝ ድረስ ማጠቃለያውን አትጀምሩ፤ B ከሌለም በማጠቃለያው አናት ላይ «ገና ያልተሰጠ ጥያቄ» ብላችሁ ጻፉ።